ሂሳቡ እስከ ስንት ወርዶ ነበር?

እ.ኤ.አ. በ1994 በአሜሪካ ኮኔቲከት ግዛት፣ ግሪንዊች ከተማ ውስጥ ሎንግ ተርም ካፒታል ማኔጅመንት የሚባል ፈንድ ሥራ ጀመረ። ያኔ በፈንዱ ውስጥ የገባ አንድ ዶላር፣ የአስተዳዳሪዎቹ ክፍያ ሳይቀነስ፣ በኤፕሪል 1998 ላይ 4 ዶላር ከ11 ሳንቲም ደርሶ ነበር። ከአምስት ወር በኋላ ከዚያ ሁሉ የቀረው 33 ሳንቲም ነው።

ፈንዱን ያቋቋመው ጆን ሜሪዌዘር በሰለሞን ብራዘርስ የቦንድ ንግድ ስሙን የተከለ ሰው ነበር። ከአጋሮቹ መካከል ሮበርት መርተንና ማይረን ሾልስ በ1997 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ሽልማት ወስደዋል። ሥራቸውም የዘፈቀደ ቁማር አልነበረም። ለምሳሌ የአሜሪካ መንግሥት አዲስ የሚያወጣው የ30 ዓመት ቦንድ በቀላሉ ስለሚሸጥ ስለሚለወጥ፣ ከስድስት ወር በፊት ከወጣው ተመሳሳይ ቦንድ ትንሽ ይወደዳል። ጊዜ ሲያልፍ አዲሱም ስለሚያረጅ የሁለቱ ዋጋ ይቀራረባል። ፈንዱ ውዱን ተበድሮ ይሸጥና ርካሹን ይገዛል፤ ልዩነቱ ሲጠብ ያተርፋል። ልዩነቱ እጅግ ትንሽ ስለሆነ ግን ደህና ትርፍ የሚገኘው በብድር ሲሠራ ብቻ ነው። በ1998 መጀመሪያ ላይ ፈንዱ የራሱ ካፒታል 4.7 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ሲሆን፣ የተበደረው ወደ 125 ቢሊዮን ይጠጋ ነበር።

በዚያው ዓመት ኦገስት 17 ሩሲያ የአገር ውስጥ ዕዳዋን መክፈል አቆመች። የዓለም ገንዘብ በፍርሃት ወደ አስተማማኙና በቶሎ ወደሚሸጠው ንብረት ሮጠ። ይጠባሉ የተባሉት የዋጋ ልዩነቶች በየገበያው ሰፉ። ፈንዱ በኦገስት ወር ብቻ ከካፒታሉ 44 በመቶ ያህሉን አጣ። ሴፕቴምበር 23 ቀን የኒውዮርክ ፌዴራል ሪዘርቭ ባንክ የሰበሰባቸው 14 የገንዘብ ተቋማት 3.6 ቢሊዮን ዶላር ገደማ አስገብተው ፈንዱን ተረከቡት።

ከዚህ ታሪክ ውስጥ እኔን ሁልጊዜ የሚይዘኝ የመጨረሻው ክፍል ነው። ፈንዱን የተረከቡት ተቋማት በጥድፊያ አልሸጡም፤ ጠበቁ። የሰፉት ልዩነቶች ቀስ በቀስ ጠበቡ፣ ያስገቡት ገንዘብም ከመጠነኛ ትርፍ ጋር ተመለሰላቸው። በ2000 መጀመሪያ ላይ ፈንዱ ሂሳቡን አጣርቶ ተዘጋ። ሐሳቡ በብዛት ትክክል ነበር ማለት ነው፤ ሐሳቡ እስኪሠራ ድረስ ባለቤቶቹ መቆየት አልቻሉም። ስለዚህ አንድን የትሬዲንግ ስልት የሚመረምር ሰው «ያተርፋል ወይ?» ብሎ ብቻ ቢያቆም ግማሹን ነው የጠየቀው። ሌላው ግማሽ «ትርፉ እስኪመጣ ያቆየኛል ወይ?» የሚለው ነው። ለዚህኛው ጥያቄ መልስ መፈለግ የሚጀመረው ትሬደሮች ማክሲመም ድሮዳውን ከሚሉት ቁጥር ነው።

ድሮዳውን ማለት ሂሳቡ እስከዚያ ቀን ከደረሰበት ከፍተኛ ጫፍ አሁን ምን ያህል በመቶ እንደወረደ የሚነግር ቁጥር ነው። ሂሳቡ አዲስ ጫፍ ላይ ከሆነ ድሮዳውኑ ዜሮ ነው። በታሪኩ ውስጥ ከታዩት ድሮዳውኖች ሁሉ ጥልቁ ማክሲመም ድሮዳውን ይባላል። ከላይ ባየነው ፈንድ ከ4.11 ወደ 0.33 የተወረደው 3.78 ነው፤ ለ4.11 ሲካፈል 92 በመቶ ይሆናል።

አንድ አነስ ያለ ሂሳብ ወስደን ደረጃ በደረጃ እንሥራው። አንድ ትሬደር በ10,000 ዶላር ጀምሮ ለአስራ አንድ ወር በየወሩ መጨረሻ ሂሳቡን እንዲህ መዘገበ እንበል።

```
10000 10800 11500 10900  9800 10600
12400 14000 12900 10500 11300 13200
```

በአስራ አንድ ወር 32 በመቶ አትርፏል። ማስታወቂያ ቢያወጣ የሚጽፈው ይህንን ነው። እኛ ግን መንገዱን እንከተል። ሂሳቡ መጀመሪያ 11,500 ደርሶ ወደ 9,800 ወረደ፤ 1,700 ለ11,500 ሲካፈል 14.8 በመቶ ነው። ከዚያ አገግሞ 14,000 ደረሰና ወደ 10,500 ወረደ፤ 3,500 ለ14,000 ሲካፈል 25 በመቶ ነው። የዚህ ሂሳብ ማክሲመም ድሮዳውን እንግዲህ 25 በመቶ ነው። የሚካፈለው ለጫፉ እንጂ ለመነሻው 10,000 እንዳልሆነ ልብ ይበሉ። በመጨረሻው ወርም ሂሳቡ 13,200 ላይ ስለሆነ ገና ከጉድጓዱ አልወጣም። የሚወጣው 14,000ን ሲያልፍ ነው።

በኤክሴል ለመሥራት ቁጥሮቹን ከB2 እስከ B13 ማስገባት፣ ከዚያም ሁለት ዓምድ መጨመር ብቻ ይበቃል። አንደኛው እስከዚያ ያለውን ጫፍ ይይዛል፣ ሁለተኛው ከጫፉ የተወረደውን ያሰላል፤ የC2ና የD2 ቀመሮች ወደ ታች እስከ ረድፍ 13 ይቀዳሉ።

```
C2: =MAX(B$2:B2)
D2: =(C2-B2)/C2
E2: =MAX(D2:D13)
```

ኪሳራን ለመመለስ የሚያስፈልገው ትርፍ ከኪሳራው መቶኛ ሁልጊዜ ይበልጣል። 25 በመቶ የወረደ ሂሳብ ወደ ጫፉ ለመመለስ 33 በመቶ ማትረፍ አለበት። 50 በመቶ የወረደው 100 በመቶ፣ 80 በመቶ የወረደው 400 በመቶ፣ 90 በመቶ የወረደው ደግሞ 900 በመቶ። ጉድጓዱ በጠለቀ ቁጥር መውጫው ከጥልቀቱ በበለጠ ፍጥነት ይረዝማል። እውነተኛ ገበያ ላይ ይህ ስንት ዓመት እንደሚበላ ከኤስ ኤንድ ፒ 500 ኢንዴክስ ማየት ይቻላል። በኦክቶበር 9 ቀን 2007 1,565 ላይ ዘግቶ የነበረው ኢንዴክስ በማርች 9 ቀን 2009 676 ላይ ወርዶ ዘጋ፤ 57 በመቶ ማለት ነው። የቀድሞውን ጫፍ አልፎ የዘጋው በማርች 2013 መጨረሻ ነበር። ስለዚህ ልምድ ያለው ሰው ከጥልቀቱ ጎን ሂሳቡ ከጫፉ በታች የቆየበትን ጊዜም ይመዘግባል። ለስድስት ወር 20 በመቶ ኪሳራን የሚታገስ ሰው፣ ለአምስት ዓመት 20 በመቶ ኪሳራን ላይታገስ ይችላል።

እዚህ ድረስ ሒሳቡ ቀላል ነው። ሰው የሚታለለው ቁጥሩ ከምን ላይ እንደተለካ ሳይጠይቅ ሲቀር ነው።

በመጀመሪያ፣ ልኬቱ በየስንት ጊዜው ነው? ኮሮና በገባበት በ2020 የኤስ ኤንድ ፒ 500ን የወር መጨረሻ ዋጋ ብቻ ብንይዝ፣ ከዲሴምበር 2019 መጨረሻ 3,231 ወደ ማርች 2020 መጨረሻ 2,585 ወርዶ እናገኛለን። ይህ 20 በመቶ ነው። በየቀኑ መዝጊያ ብንለካ ግን ፌብሩዋሪ 19 ቀን 3,386 የነበረው ማርች 23 ቀን 2,237 ሆኗል፤ 34 በመቶ ነው። ገበያው አንድ ነው፣ ጊዜውም አንድ ነው፤ በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት ግን በብድር የሚሠራን ሰው የሚያጠፋ ነው። ደላላው ሂሳቡን የሚዘጋው በዚያች በከፋችው ደቂቃ ነው፤ የወሩን መጨረሻ አይጠብቅም።

ቀጥሎ፣ የተለካው የተዘጋው ንግድ ነው ወይስ የተከፈተውም ጭምር? በሜታትሬደር ፕሮግራም ላይ `Balance` የሚለው የተዘጉ ንግዶችን ውጤት ብቻ ይዞ ይሄዳል፤ `Equity` የሚለው ገና ያልተዘጉት ንግዶች በዚያች ቅጽበት ያሉበትን ኪሳራና ትርፍም ይጨምራል። ኪሳራ ላይ ያለን ንግድ ሳይዘጋ እየቆየ፣ ዋጋው በወረደ ቁጥር እየደረበ የሚገዛ ስልት ብዙ አለ። የዚህ ዓይነቱ ስልት `Balance` መስመር ምንም ሳይወርድ ለወራት ሽቅብ ሊሄድ ይችላል፤ `Equity` መስመሩ ግን በየመሃሉ ወደ ታች ይዘቀዝቃል። አንድ ሰው የ`Balance` ሥዕል ብቻ ካሳየኝ፣ የ`Equity` ሥዕሉን ሳላይ ስለዚያ ስልት ምንም አስተያየት አልሰጥም።

እዚያው ሪፖርት ላይ ተጨማሪ ወጥመድ አለ። `Drawdown Absolute` የሚለው ሂሳቡ ከመነሻው ገንዘብ በታች ምን ያህል እንደወረደ ብቻ ይናገራል። ከላይ በሠራነው ሂሳብ ዝቅተኛው ቁጥር 9,800 ስለሆነ ይህ መለኪያ 200 ዶላር፣ ማለትም 2 በመቶ ያሳያል። 25 በመቶ የወረደ ሂሳብ በቴሌግራም ቻናል ላይ «ድሮዳውን 2 በመቶ» ተብሎ ሊለጠፍ ይችላል፤ ቁጥሩም ውሸት አይሆንም። መታየት ያለበት ከጫፍ የሚለካው በ`Equity Drawdown Maximal` እና በ`Equity Drawdown Relative` ስር ያለው ነው። የመጀመሪያው በገንዘብ ትልቁን ውድቀት፣ ሁለተኛው በመቶኛ ትልቁን ውድቀት ያሳያል።

ቁጥሩ በትክክል ተለክቶም ቢሆን ገና የምንፈልገውን አልነገረንም። 25 በመቶ ባለፈው ጊዜ የሆነው ነው። ስልቱ ወደፊት ሊያደርሰው የሚችለው ከዚያ ሊከፋ ይችላል፤ ምክንያቱን ለመረዳት ያንኑ ሂሳብ መልሰን እንይ።

በአስራ አንዱ ወራት ውስጥ አራት የኪሳራ ወራት ነበሩ፦ ሁለቱ በመጀመሪያው አጋማሽ፣ ሁለቱ በሁለተኛው። በመካከላቸው ሦስት የትርፍ ወራት ገብተዋል። የትርፍና የኪሳራ ወራቱን አንድም ሳንቀይር ቅደም ተከተላቸውን ብቻ ብናዛውር፣ መቶኛዎቹ የሚባዙት እርስ በርስ ስለሆነ የመጨረሻው ውጤት አይለወጥም። አሁንም 13,200 ነው፣ ትርፉም 32 በመቶ ነው። ነገር ግን አራቱ የኪሳራ ወራት ተከታትለው ቢመጡ ኖሮ ድሮዳውኑ 36 በመቶ ይሆን ነበር። ትሬደሩ 25 በመቶ ያየው ስልቱ ስለተሻለ አይደለም፤ ኪሳራዎቹ ተራርቀው መጥተውለት ነው። ሚቀጥለው ዓመት ተራርቀው እንዲመጡ የሚያስገድዳቸው ነገር የለም።

ለዚህ ነው ጠንቃቃ ሰዎች በባክቴስት ያገኟቸውን ንግዶች በኮምፒውተር ሺህ ጊዜ እየበወዙ የሚለኩት። በእያንዳንዱ ብወዛ አንድ ማክሲመም ድሮዳውን ይወጣል፤ ሺዎቹ ከትንሹ ወደ ትልቁ ሲደረደሩ ከሺው በሃምሳዎቹ ብቻ የታለፈው ቁጥር እንደ እውነተኛ የአደጋ ግምት ይወሰዳል። እኔ አንድን ስልት ስመዝን የማምነው ይህንን ነው፤ በታሪክ የተገኘውን አንዱን ቁጥር አይደለም። ዘዴው ጉድለት አለው፦ ንግዶቹ እርስ በርስ እንደማይያያዙ አድርጎ ይቆጥራል። እውነተኛ ገበያ ላይ መጥፎ ቀናት ይሰባሰባሉ፣ ስለዚህ የተበወዘው ውጤትም አንዳንዴ ከእውነቱ ለስለስ ይላል።

የታሪኩ ርዝመትም ቁጥሩን ይቀይረዋል። ግማሹን አሸንፎ ግማሹን የሚሸነፍ ስልት እንውሰድ። በ100 ንግድ ውስጥ አሥር ተከታታይ ሽንፈት የመምጣት ዕድሉ 4 በመቶ ገደማ ነው። በ1,000 ንግድ ውስጥ ግን 38 በመቶ ይደርሳል። በእያንዳንዱ ንግድ ከሂሳቡ 2 በመቶ የሚያስይዝ ሰው ከአሥር ሽንፈት በኋላ 18 በመቶ ይወርዳል። 5 በመቶ የሚያስይዘው 40 በመቶ፣ 10 በመቶ የሚያስይዘው 65 በመቶ። የሦስት ወር ባክቴስት ያየ ሰው ይህንን ተከታታይ ሽንፈት ሳያየው ይቀርና ስልቱ ጤነኛ ይመስለዋል። ማክሲመም ድሮዳውን በባሕርዩ እየጠለቀ እንጂ እየቀነሰ የማይሄድ ቁጥር ስለሆነ፣ የአንድ ዓመት ስልትን ከአሥር ዓመት ስልት ጋር በዚህ ቁጥር ማወዳደር ለአዲሱ ያደላል።

በታሪኩ ውስጥ ጨርሶ ያልነበረ ነገር ደግሞ በየትኛውም ብወዛ አይወጣም። የስዊዘርላንድ ብሔራዊ ባንክ በሴፕቴምበር 2011 አንድ ዩሮ ከ1.20 ፍራንክ በታች እንዲወርድ አልፈቅድም ብሎ ነበር። ከዚያ በኋላ ዋጋው ወደ 1.20 ሲጠጋ ዩሮ መግዛት፣ ትንሽ ሲወጣ መሸጥ ብዙ ሰው የያዘው ስልት ሆነ። በእነዚያ ሦስት ዓመታት ቢለካ ድሮዳውኑ ከቁጥር የሚገባ አልነበረም፤ ስለዚህም ከፍተኛ ሌቨሬጅ የሚሸከም መሰለ። በጃንዋሪ 15 ቀን 2015 ጠዋት ባንኩ ገደቡን አነሳ። በደቂቃዎች ውስጥ ዩሮ ከአንድ ፍራንክ በታች ወረደ። በ1.19 ላይ የተቀመጠ ስቶፕ ሎስ በዚያ ዋጋ የሚገዛ ሰው ስላልነበረ ብዙ ዝቅ ብሎ ተፈጸመ። ብዙ ሂሳቦች ከዜሮ በታች ሄዱ፤ ባለቤቶቹ ለደላላው ባለዕዳ ሆኑ። ኤፍ ኤክስ ሲ ኤም የተባለው ደላላ ደንበኞቹ 225 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንዳለባቸው አስታውቆ፣ ሥራውን ለመቀጠል 300 ሚሊዮን ዶላር ብድር ወሰደ። የእንግሊዙ አልፓሪ ለኪሳራ ተዳረገ። እንዲህ ያለውን አደጋ ቁጥር አይናገርም፤ «ይህ ዋጋ ጸንቶ የቆመው በማን ፈቃድ ነው?» ብሎ በመጠየቅ ብቻ ነው የሚታወቀው።

እንግዲህ ስልቱ ያኖራል ወይ የሚለው የሚወሰነው ሁለት ቁጥሮች ሲተያዩ ነው። አንዱ ስልቱ ሊያደርሰው የሚችለው ድሮዳውን ነው። ሌላው ሰውየው ከጨዋታው የሚወጣበት መስመር ነው። ይህንን መስመር አንዳንዴ የሚያሰምረው ደላላው ነው፦ መያዣው ሲያንስ ንግዱን በራሱ ይዘጋል። አንዳንዴ ገንዘቡን የሰጠው ሰው ነው፤ ዛሬ ብዙ ወጣቶች የሚሞክሯቸው የፕሮፕ ድርጅቶች ሂሳቡ በተለምዶ 10 በመቶ ሲወርድ ይዘጉታል። በራሱ ገንዘብ፣ ያለ ብድር የሚሠራ ሰውም መስመር አለው፤ የቤት ኪራይ የሚከፈልበት ቀን ወይም እንቅልፍ የሚጠፋበት ሌሊት ነው። ለሎንግ ተርም ካፒታል መስመሩን ያሰመሩት አበዳሪዎቹ ነበሩ። ለአንድ ዶላር ካፒታል ከሃያ አምስት ዶላር በላይ ብድር ሲኖር፣ የያዙት ንብረት በ4 በመቶ ቢወርድ ካፒታሉ ያልቃል።

መስመሩ ከታወቀ በኋላ የሚስተካከለው የሚያዘው መጠን ነው። የእኛ ትሬደር መስመሩ 20 በመቶ ነው እንበል። ስልቱ ባለፈው ጊዜ 25 ወርዷል፣ ተከታትሎ ቢመጣበት ደግሞ 36 ይወርዳል፤ እንዳለ ቢቀጥል አይዘልቅም። ሎቱን በግማሽ ቢቀንስና እያንዳንዱ ወር በግማሽ ቢያተርፍና ቢከስር፣ ያለፈው ድሮዳውን 12.9 በመቶ፣ አራቱ መጥፎ ወራት የተከታተሉበት ደግሞ 19.4 በመቶ ይሆናል። ትርፉ ከ32 ወደ 17 በመቶ ይወርዳል። በተቃራኒው ሎቱን በእጥፍ ቢያሳድግ ትርፉ እጥፍ አይሆንም፤ 50 በመቶ ላይ ይቆማል፤ ድሮዳውኑ ግን ወደ 47 በመቶ፣ በከፋው ቅደም ተከተል ደግሞ ወደ 62 በመቶ ይገባል።

በግማሽ ሎት የሚሠራው ትሬደር አሁን ሥራ ሳይጀምር የሚጽፋቸው ሁለት ቁጥሮች አሉት። ሂሳቡ እስከ 13 በመቶ ሲወርድ ስልቱ ከዚህ በፊት ያሳየውን እያሳየ ነውና አይነካካውም። በ13 እና በ19 መካከል መጥፎ ዕድል ነው፤ ሎት ሳይጨምር ይጠብቃል። 20ን ካለፈ ግን በእጁ ያለው የፈተነው ስልት አይደለም፤ ወይ ገበያው ተቀይሯል፣ ወይ ፈተናው ስህተት ነበር። ንግዶቹን ሁሉ ዘግቶ ከ10,000 ዶላሩ የተረፈውን ይዞ ወደ መዝገቡ ይመለሳል።